ደክሞ ነው ወይስ መሮጥ ሳያስፈልገው ቀርቶ?

ጨዋታው 75ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል። በመጀመሪያው አጋማሽ ተከላካዩን ደጋግሞ እየጣለ ሲያልፍ የነበረው የክንፍ ተጫዋች አሁን ከፊቱ የተላከለትን ረጅም ኳስ ሳይከተል ቆሞ ሸኘው። ተመልካቹ «አለቀለት» ይላል፣ የቴሌቪዥኑ ተንታኝም በሐሳቡ ይስማማል። አሰልጣኙ ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ መወሰን ያለበት በዚህች ቅጽበት ነው። ተጫዋቹ በእርግጥ ደክሞ ከሆነ መቀየር አለበት፤ ያላስወጣው እንደሆነ ወይ ጎል ይቆጠርበታል፣ ወይ ተጫዋቹ የኋላ ጭኑን ይዞ ይወድቃል። ኳሷ እንደማትደረስ አይቶ ጉልበቱን ቆጥቦ ከሆነ ደግሞ እሱን ማስወጣት የቡድኑን ምርጥ አጥቂ በከንቱ መጣል ነው።

ባለፉት 20 ዓመታት ታላላቅ ክለቦች ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ሲሞክሩ ቆይተዋል። አንደኛው መንገድ ተጫዋቹ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጋማሽ ያደረጋቸውን ስፕሪንቶች ማወዳደር ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ከእረፍት በፊት ብዙ፣ ከእረፍት በኋላ ጥቂት ከሮጠ ደክሟል ማለት ነው። ቁጥሩን በቅርብ የሚያውቁ ባለሙያዎች ግን በዚህ ንጽጽር ላይ ብቻ ተመርኩዘው ፍርድ አይሰጡም። ምክንያታቸው መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ልብስ ውስጥ የሚገባው መለኪያ ዋጋው እየረከሰ በመጣ ቁጥር የተሳሳተ ፍርድ የሚሰጡ አሰልጣኞችም እየበዙ መሄዳቸው አይቀርም።

ስፕሪንት ተጫዋቹ አቅሙን አሟጦ የሚሮጠው አጭር ሩጫ ነው። ብዙዎቹ የመለኪያ ሥርዓቶች ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ስፕሪንት ብለው ይመዘግቡታል። በምርምር ጽሑፎች በብዛት የሚታየው ወሰን 25.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ይህም በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር መሄድ ማለት ነው። በትከሻዎቹ መካከል በምትገባ ትንሽ የጂፒኤስ መሣሪያ ወይም በስታዲየሙ ጣሪያ ላይ በተተከሉ ካሜራዎች ይለካል። የተለመደው የጂፒኤስ መሣሪያ የተጫዋቹን ቦታ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመዘግባል።

አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከሚሸፍነው 10 ወይም 11 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስፕሪንት የሚባለው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ግን ብዙውን ጊዜ ይሄው ጥቂቱ ነው። በጀርመን ቡንደስሊጋ የተቆጠሩ 360 ጎሎችን በቪዲዮ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጎል አስቆጣሪው ኳሷን ከመምታቱ በፊት ከሁሉ በላይ ደጋግሞ ያደረገው ነገር ቀጥ ያለ ስፕሪንት መሆኑን አሳይተዋል። 45 በመቶ በሚሆኑት ጎሎች እንዲህ ነበር።

ሩጫው በእርግጥ እንደሚቀንስ በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች ዋነኛው የተሠራው በዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ማግኒ ሞር፣ ፒተር ክሩስትሩፕ እና ዬንስ ባንግስቦ በ2003 ያሳተሙት ይህ ጥናት በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ 18 ባለሙያዎችን ዝቅ ባለ ደረጃ ከሚጫወቱ 24 ባለሙያዎች ጋር አነጻጸረ። ያኔ ጂፒኤስ አልነበራቸውም። እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻው በቪዲዮ ቀረጹና መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደተራመደ፣ መቼ በሙሉ ኃይሉ እንደሮጠ ፊልሙን እያዩ መዘገቡ። የላይኞቹ ተጫዋቾች በአማካይ 650 ሜትር፣ የታችኞቹ 410 ሜትር ስፕሪንት አድርገዋል። ደረጃቸውም ሆነ የሚጫወቱበት ቦታ ምንም ይሁን፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ያደረጉት ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሩጫ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ካደረጉት ከ35 እስከ 45 በመቶ ያነሰ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የተመለከተ ተጠራጣሪ «መድከማቸውን በምን ታውቃላችሁ? ጨዋታው ስላለቀ ሊሆን ይችላል፤ መሪው ቡድን ወደኋላ ስላፈገፈገ ሊሆን ይችላል» ብሎ መሞገት ይችላል። የጥናቱ ብልህ ክፍል እዚህ ላይ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይረው የገቡ 13 ተጫዋቾችንም ለክተው ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ውጤት፣ በዚያው የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሉ ጨዋታውን ከተጫወቱት 25 በመቶ የበለጠ ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሩጫ አደረጉ። ሩጫውን ያስቀነሰው የጨዋታው ሁኔታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ የገቡትም እንደ ነባሮቹ በቀዘቀዙ ነበር። በእርግጥ ተቀይሮ የሚገባ ሰው 20 ደቂቃ ብቻ እንደሚጫወት ስለሚያውቅ ያለውን ሁሉ ሳይሰስት ይሰጣል። ይህም ታስቦ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ሌላ ሥራ ወደ ጡንቻው ውስጥ ገቡ። በዴንማርክ አራተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወቱ 31 ሰዎች የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርጉ ከጭናቸው ቅንጣት ሥጋ በመርፌ ተወሰደ። ጡንቻ ለፈጣን ሩጫ የሚያቃጥለው ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስኳር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ግማሽ ያህሉ የጡንቻ ክሮች ግላይኮጅናቸው ወይ ሙሉ በሙሉ ወይ ለማለቅ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተሟጦ ተገኘ። አስደናቂው ነገር ሁሉም ክሮች አብረው ባዶ አለመሆናቸው ነው። በአንድ ጡንቻ ውስጥ ግማሹ ሙሉ፣ ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የደከመ ተጫዋች በዝግታ ሲሮጥ ምንም ያልሆነ የሚመስለው። ጉድለቱ የሚገለጠው ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ ሲጠየቁ፣ ማለትም ስፕሪንት ሲያደርግ ነው።

ስለዚህ ስፕሪንት ትክክለኛው የማያ ቦታ ነው። ችግሩ ያለው ከቆጠራው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል ሰዓቱ ነው። ሁለቱ አጋማሾች እኩል 45 ደቂቃ ናቸው ተብሎ ይታሰብ እንጂ እኩል ሆነው የሚያልቁት አልፎ አልፎ ነው። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ የኢራኑ ግብ ጠባቂ ተጎድቶ ሕክምናው ብዙ በመቆየቱ የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻውን 14 ደቂቃ ተጨምሮበታል። ከዚህ በላይ ደግሞ ኳሷ በእርግጥ በጨዋታ ላይ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ቅጣት ምት ሲዘገይ፣ ተጫዋች ሲቀየር፣ ዳኛው ቪዲዮ ሲመለከት ማንም ስፕሪንት አያደርግም። በአንድ ሙሉ ጨዋታ ኳሷ የምትንቀሳቀሰው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ሲሆን፣ የተጫዋች ቅያሪ የሚበዛውም ከእረፍት በኋላ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ውጤቱ ነው። በስፔን ላሊጋ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ቡድናቸው እየመራ ያለ ተጫዋቾች ከሚመሩበት ጊዜ ይልቅ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጡት ያነሰ፣ የሚራመዱት የበዛ ነው። አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን ተሰብስቦ ሲከላከል ለክንፍ ተጫዋቹ የሚሮጥበት ሜዳ ላይኖር ይችላል፤ ወይም ደግሞ በተቃራኒው ለመልሶ ማጥቃት ሰፊ ሜዳ ይከፈትለታል። ሁለቱም ከእግሩ ብርታት ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው ነው፤ ስፕሪንት በተፈጥሮው የሚዋዥቅ ቁጥር ነው። ዋረን ግሬግሰን እና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን ለሦስት የውድድር ዘመናት ተከታትለው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ተጫዋች ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የሚያደርገው የስፕሪንት ርቀት በአማካይ 30.8 በመቶ እንደሚዋዥቅ አገኙ። በተግባር ሲተረጎም፣ በአንድ ጨዋታ 200 ሜትር ስፕሪንት የማድረግ ልማድ ያለው ሰው፣ ሰውነቱ ምንም ሳይለወጥ፣ አንድ ቅዳሜ 140፣ በሚቀጥለው 260 ሜትር ቢሮጥ የተለመደ ነገር ነው። አንድ አጋማሽ ደግሞ የጨዋታው ግማሽ ብቻ ስለሆነ መዋዠቁ ከዚህም ይብሳል። እንግዲህ «ስፕሪንቱ በሁለተኛው አጋማሽ በ30 በመቶ ቀነሰ» የሚል ሪፖርት በአንድ ጨዋታ ብቻ ከታየ ምንም አዲስ ነገር አልነገረንም ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። ፖል ብራድሊ እና ቲም ኖክስ በ2013 ያሳተሙት የፕሪሚየር ሊግ ጥናት፣ ከእረፍት በኋላ ሩጫቸው የቀነሰው በመጀመሪያው አጋማሽ እጅግ ብዙ የሮጡት መሆናቸውን አሳየ። መካከለኛና ዝቅተኛ ሩጫ የነበራቸው አልቀነሱም። ይህ ከፊሉ ድካም ነው፤ ብዙ ያወጣ ብዙ ይጎድልበታል። ከፊሉ ግን የቁጥር ጠባይ ነው። ማንኛውም የሚዋዥቅ ነገር አንድ ጊዜ እጅግ ከፍ ካለ በሚቀጥለው ወደተለመደው ልኩ ይመለሳል። በመጀመሪያው አጋማሽ ከወትሮው እጥፍ የሮጠ ተጫዋች በሁለተኛው ላይ መደበኛውን ቢሮጥ በወረቀት ላይ ግማሽ በግማሽ የወደቀ ይመስላል። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚቀጣው አብዛኛውን ጊዜ ታታሪው ተጫዋች ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች በመጀመሪያው አጋማሽ 12 ስፕሪንት አድርጎ 228 ሜትር ሸፈነ እንበል። በሁለተኛው 9 ስፕሪንትና 162 ሜትር። በርቀት ሲታይ 29 በመቶ ቀንሷል። የመጀመሪያው አጋማሽ 47 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 52 ደቂቃ ፈጅቶ ስለነበር ለደቂቃ ሲካፈል ነገሩ ይበልጥ ይከፋል፤ በደቂቃ ከ4.9 ሜትር ወደ 3.1 ሜትር ወርዷል፣ ቅናሹም 36 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ አሰልጣኝ ተጫዋቹን ያስወጣዋል።

ነገር ግን በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ተጫዋቾች ተጎድተው ታክመዋል፣ ቅያሪም በዝቷል። ኳሷ በጨዋታ ላይ የነበረችበት ጊዜ ሲቆጠር የመጀመሪያው 29 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 24 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሲካፈል ከ7.9 ሜትር ወደ 6.8 ሜትር ይወርዳል፤ 14 በመቶ ብቻ። ቀጥሎ ቪዲዮው ይታያል። ተንታኙ እያንዳንዱን የመሮጥ ዕድል፣ ማለትም ከፊቱ ክፍት ሜዳ ኖሮ ወደዚያ ኳስ የተላከበትን ወይም ተጋጣሚ አምልጦት መመለስ የነበረበትን ቅጽበት ይቆጥራል። በመጀመሪያው አጋማሽ 15 ዕድል ነበር፤ 12ቱን ሮጧል። በሁለተኛው ዕድሉ 11 ብቻ ነበር፤ 9ኙን ሮጧል። ከመቶ ሲሰላ 80 እና 82 ነው። ቡድኑ ከ55ኛው ደቂቃ ጀምሮ እየመራ ስለነበር ወደኋላ ተሰብስቧል። ይህ ልጅ አልደከመም፤ የሚሮጥበት ምክንያት አንሶታል እንጂ።

አሁን በዚያው ጨዋታ የግራ መስመር ተከላካዩን እንመልከት። በመጀመሪያው አጋማሽ 8 ስፕሪንት፣ በሁለተኛውም 8። በሪፖርቱ ላይ ቅናሹ ዜሮ ስለሆነ ማንም ትኩር ብሎ አላየውም። ሆኖም ተጋጣሚው ጎል ፍለጋ በእሱ በኩል ደጋግሞ ያጠቃ ነበርና ሳይወድ በግድ መሮጥ ነበረበት። ርዝመታቸው ከ20 ሜትር ከሚበልጡት ሩጫዎቹ መካከል ሦስቱ ፈጣኖች ሲወሰዱ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ በአማካይ በሰዓት 31.2 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው 28.6 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ከ8 በመቶ በላይ ወርዷል። በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ፣ ሰውየው እያመለጠው፣ ፍጥነቱ ግን አልመጣለትም። የደከመው እሱ ነው።

ልዩነቱን ያወጣው ከስንት ጊዜ ሮጠ ወደ እንዴት ሮጠ መሸጋገሩ ነው። የስፕሪንት ብዛት የተጫዋቹን ፈቃድ፣ የአሰልጣኙን መመሪያ፣ የተጋጣሚውን አጨዋወትና የዳኛውን ፊሽካ ሁሉ ደባልቆ የያዘ ቁጥር ነው። አንድ ሰው መሮጥ ግድ ሆኖበት በሮጠ ጊዜ የደረሰበት ፍጥነት ግን ለጡንቻው ይበልጥ ይቀርባል። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ10 ሜትር ሩጫ ማንም ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ሩጫዎች እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ። ቆሞ የተነሳና እየሮጠ ቆይቶ የፈጠነም እኩል አይደሉም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ወሰን ማድረግም ሰውን ይበድላል። ከፍተኛ ፍጥነቱ 34 የሆነ አጥቂ 25.2ን ለማለፍ የአቅሙን ሦስት አራተኛ ብቻ ይጠቀማል፤ ከፍተኛው 29 ለሆነ የመሐል ተከላካይ ግን ያው ወሰን ከአቅሙ 87 በመቶ ገደማ ነው። ተከላካዩ ትንሽ ሲደክም 26 ላይ የነበሩት ሩጫዎቹ 25 ላይ ይወድቁና ከሪፖርቱ ጨርሰው ይጠፋሉ። አጥቂው በዚያው መጠን ቢደክም ከወሰኑ በላይ ስለሚቆይ አንዱም አይጎድልበትም። የእያንዳንዱን ሰው ከፍተኛ ፍጥነት በልምምድ ለክቶ ወሰኑን በዚያ መቶኛ ማስቀመጥ ይህን ያስተካክላል።

ሁሉም ዝግታ ድካም አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የኮፐንሃገኖቹ ተመራማሪዎች በ2004 እንዳስነበቡት፣ በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ቁጭ ብለው የቆዩ ተጫዋቾች የጭን ጡንቻቸው ሙቀት በ2 ዲግሪ ያህል ወረደ። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ስፕሪንት ሲያደርጉ ከጨዋታው መጀመሪያ 2.4 በመቶ ዘግይተዋል። ሌሎቹ ተጫዋቾች በእረፍቱ መገባደጃ ላይ ለ7 ደቂቃ ያህል ቀለል ያለ ሩጫ ሲያደርጉ ቆይተው ነበርና ፍጥነታቸው አልወረደም። እነዚህ ሰዎች እኩል ተጫውተው እኩል ነው የደከሙት፤ የለያቸው የጡንቻው መቀዝቀዝ ነው። ከ46ኛው እስከ 55ኛው ደቂቃ ያለው ዝግታ ለብቻው ካልተነበበ የቀዘቀዘውን ሰው የደከመ ያስመስለዋል። መፍትሔዎቻቸውም የተለያዩ ናቸው፤ ለአንደኛው ማሟሟቂያ፣ ለሌላው ቅያሪ።

ሙቀት በተቃራኒው በኩል ሆኖ ነገሩን ያወሳስበዋል። በ2012 በታተመ ጥናት ተጫዋቾች አንድ ጨዋታ በ21 ዲግሪ፣ ሌላውን በ43 ዲግሪ ሙቀት እንዲጫወቱ ተደረገ። በሙቀቱ ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቀው ሩጫቸው በ26 በመቶ ቀነሰ። የደረሱበት ከፍተኛ ፍጥነት ግን በ4 በመቶ ጨመረ። የሞቀ ጡንቻ ፈጣን ነው፣ ተጫዋቾቹም ብዙ ከመሮጥ ተቆጥበው መሮጥ ባለባቸው ጊዜ ብቻ ሙሉ አቅማቸውን አውጥተዋል። ብዛቱን ብቻ ያየ ሰው ወደቁ ይላል፣ ፍጥነቱን ብቻ ያየ ደግሞ ምንም አልሆኑም ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ ካልታዩ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ቅርብ ጉዳይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ሊጉ ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ እያጫወተ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄድባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናግደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ከዚያ ግማሽ ገደማ ሆና ትሞቃለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ አንዱ ስፕሪንት ራሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በሁለት ስፕሪንቶች መካከል ትንፋሽ የመመለሱ ፍጥነት ነው። በሙቀት ደግሞ ከላይ እንደታየው ብዛቱ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ድሬዳዋ ላይ ያሳየውን የሁለተኛ አጋማሽ ቅናሽ አዲስ አበባ ላይ ካሳየው ጋር አጋጭቶ «አቋሙ ወርዷል» ማለት ስሕተት ነው። በአንድ ከተማ ከተደረጉ ጨዋታዎች መካከል የራሱን ካለፈው የራሱ ጋር ማነጻጸር ግን ይቻላል፤ በአንድ ሜዳ ተከታታይ ጨዋታዎች የሚደረጉበት አሠራር ለዚህ እንዲያውም ይመቻል።

መሣሪያ የሌለው ክለብም ባዶ እጁን አይደለም። ከትሪቡኑ ከፍ ካለ ቦታ አንድ ስልክ ሙሉ ሜዳውን ከቀረጸ፣ የመሮጥ ዕድሎችንና የተሮጡትን መቁጠር የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከሜዳው መስመሮች የሚታወቁ ርቀቶችም አሉ፤ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ከጎል መስመሩ 16.5 ሜትር ይገባል፣ የመሐል ክቡ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው 18.3 ሜትር ነው። ተጫዋቹ በአንዱ ሲያልፍ የፈጀውን ጊዜ ከቪዲዮው መቁጠር ፍጥነቱን በግምት ይሰጣል፤ ግምቱ ለጂፒኤስ ምትክ አይሆንም፣ ትልቁን ልዩነት ግን ያሳያል። በልምምድ ቀን ደግሞ በ30 ሜትር ርቀት ሁለት ኮን አስቀምጦ፣ 25 ሰከንድ እያሳረፉ አምስት ጊዜ ማስሮጥ ይቻላል። ዴንማርኮቹ ተጫዋቾቻቸውን የፈተኑት በእንዲህ ዓይነት ሩጫ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም የሚባክነው ለወረቀት ውበት አይደለም። በእንግሊዝ ክለቦች ላይ የተሠራና በ2004 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጨዋታ ላይ ከሚደርሱት የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳቶች ግማሽ ያህሉ፣ 47 በመቶ፣ የደረሱት በእያንዳንዱ አጋማሽ የመጨረሻ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህ ጡንቻ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ነው። ያ ቀኑን ሙሉ ስምንት ለስምንት ሆኖ የቆየው የመስመር ተከላካይ፣ በሪፖርቱ ላይ ንጹሕ የሆነው፣ ለጉዳቱ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ደክሞም መሮጡን አላቆመም።

አሰልጣኞች በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ከቻሉ ወዲህ ይህን ሰው በጊዜ ለማውጣት የሚያግዳቸው ሕግ የለም። ክለቦች ጂፒኤስ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ከፍተኛ ፍጥነት ትኩስ በሆነበት ቀን ለክተው በስሙ ይመዝግቡ። እሱ ከሌለ የሁለተኛው አጋማሽ ቁጥር ከምን ጋር እንደሚወዳደር የሚያውቅ አይኖርም።